የመብራትና የውሃ ቢል ስክሪንሹት ይዞ የቤት ወጪን በትክክል መካፈል፦ የደብረ ማርቆስ ሦስት ሴቶች ሂሳብ

ቤት የምንጋራው ሦስት ነን፤ እኔ፣ አንዲት ነርስና አንዲት መምህርት። ጥር መጀመሪያ ላይ የመብራት ከፍዬ ስክሪንሹቱን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት። 819 ብር ይላል። ከሥሩ «ለሦስት ሲካፈል 273፣ ላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ግን ነርሷ ሻይ እየጠጣን ቀስ ብላ፣ «እህቴ፣ እኔ በወር ሁለቴ ነው የምጋግረው። ምጣዱን ስትጥዱ የምትውሉት እናንተ ናችሁ» አለችኝ። መምህሯ ደግሞ፣ «እኔ ታህሳስ አንድ ነው የገባሁት፣ ይሄ ውዝፍ የሚለው የማን ነው?» አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ። እኔ ስክሪንሹቱን አይቼ ድምሩን አካፈልኩ እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ሂሳባችንን የምንሠራበትን መንገድ ነው እዚህ የምጽፈው። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቤቱ ሦስት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ ወጥ ቤት አለው። መብራቱም ውሃውም የራሱ ቆጣሪ አለው። ኪራዩ በወር 9,000 ብር ነው። እንዳላደናግራችሁ አንዱን ወር፣ ታህሳስን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስልቼ አሳያችኋለሁ። የናንተ ብር ይለያል፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ኪራዩን ጨርሱ

ኪራይ አንዴ ከተስማማችሁበት በየወሩ አይለዋወጥም። ስለዚህ ከመብራቱና ከውሃው ጋር አታደባልቁት። ክፍሎቹ እኩል ከሆኑ ለሦስት ማካፈል ነው፤ አለቀ። የኛ ግን እኩል አይደሉም። አንዷ ክፍል 16 ካሬ ናት፣ ወደ በረንዳ የሚወጣ የራሷ በር አላት። ሁለቱ 10፣ 10 ካሬ ናቸው።

እኛ ኪራዩን ለሁለት ከፈልነው። ግማሹ፣ 4,500 ብር፣ ሁላችንም ለምንጠቀምበት ለሳሎኑ፣ ለወጥ ቤቱ፣ ለሽንት ቤቱና ለግቢው ነው ተባለ። ይሄ እኩል ይካፈላል፤ ለያንዳንዳችን 1,500 ብር። ቀሪው 4,500 ብር የመኝታ ክፍሎቹ ነው። የሦስቱ ክፍሎች ስፋት ሲደመር 36 ካሬ ነው። 4,500ን ለ36 ስናካፍል አንዱ ካሬ 125 ብር ወጣ። ስለዚህ ለትልቋ ክፍል 2,000፣ ለትንንሾቹ 1,250፣ 1,250 ብር ሆነ። የጋራው ሲጨመርበት 3,500፣ 2,750 እና 2,750 ይመጣል። ሲደመር 9,000 ነው።

በሜትር የተለካ ሁሉ ፍትሃዊ ነው ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ተቀምጣችሁ አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፦ «በዚህ ዋጋ ክፍላችንን እንቀያየር?» እኔ ነርሷን ስጠይቃት «አልቀያየርም» አለች፤ ሳቀችም። ክፍሎቻችን በስፋት እኩል ናቸው። የኔዋ ግን ከወጥ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ትገናኛለች። የምጣዱ እንፋሎትና የቁሌት ሽታ ወደኔ ነው የሚመጣው። «ስንት ቢቀንስልሽ ትወስጃታለሽ?» አልኳት። «መቶ ብር» አለች። እንግዲያው ልዩነቱ 100 ብር ነው ማለት ነው። ከኔ 50 ቀንሰን እሷ ላይ 50 ጨመርን። እኔ 2,700፣ እሷ 2,800፣ መምህሯ 3,500 ሆነ። አሁን ማንም መቀያየር አይፈልግም። ክፍሉ ትክክለኛ ዋጋውን ማግኘቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የደላላ ክፍያ ካለ እኩል ተካፈሉት። እሱ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

አንድ ስክሪንሹት አይበቃም

ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በስልክ ስትከፍሉ አንዳንዱ ገጽ የሚያሳያችሁ የቆጣሪውን ባለቤት ስምና ድምሩን ብቻ ነው። ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተጠቀማችሁ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ወር መብራት ሦስት ምስል ያስፈልጋችኋል።

የመጀመሪያው የቢሉ ዝርዝር ነው። ወረቀት ከሆነ ፎቶ አንሱት፤ ስልክ ላይ ከሆነ ስክሪንሹት። ያለፈው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብ፣ የፍጆታው መጠን፣ የአገልግሎት ክፍያው፣ ውዝፍ ወይም ቅጣት ካለ እሱም መታየት አለበት። ገጹ ረጅም ከሆነ በሁለት ስክሪንሹት አንሱት እንጂ ታችኛውን አትቁረጡት። ውዝፉ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ታች ነው።

ሁለተኛው የተከፈለበት ማስረጃ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ሰው ሳያውቀው የሚልከው ከመክፈሉ በፊት ያለውን ገጽ ነው። «የሚከፈል 819 ብር» የሚለውን ማለቴ ነው። ያ ገንዘቡ መውጣቱን አያሳይም። የተከፈለ ከሆነ የግብይት ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ይኖረዋል። በቴሌብር ከሆነ ከ127 የሚመጣው መልእክትም ይበቃል። ኔት ሲጠፋ *127# ደውላችሁ ከከፈላችሁ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ማስረጃ መልእክቱ ነው፤ እሱኑ ስክሪንሹት አድርጉት። ቀሪ ሂሳባችሁን ግን ሸፍኑት። አካውንታችሁ ውስጥ ስንት እንዳለ ማወቅ የቤት ጓደኛ ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው የቆጣሪው ፎቶ ነው። ቆጣሪ አንባቢው በመጣ ቀን ቆጣሪውን ራሳችሁ አንሱት። ቀኑን ካላወቃችሁ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን አንሱት። ቁጥሩ እንዲነበብ ቀረብ በሉ፤ የስልኩ ፍላሽ መስታወቱ ላይ ካበራ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ማለት ነው። የዚህ ፎቶ ጥቅም ወደ ኋላ ይገባችኋል።

ሦስቱንም ግሩፑ ላይ ስትለጥፉ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ቴሌግራም ፎቶን ያሳንሰዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ከፍታችሁ ስታዩት ትንንሹ ቁጥር አይነበብም። ከሥሩ የወሩን ስምና «መብራት» ወይም «ውሃ» የሚለውን ጻፉ። ስልካችሁ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ ነው፣ እኛ የምንናገረው በአበሻ ነው። በዚያ ላይ ጥር ላይ የሚከፈለው የታህሳስ ነው። ወር ሲያከራክራችሁ የወሩን ስም ትታችሁ ንባቡን ተመልከቱ። የዚህ ወር «ያለፈው ንባብ» ከባለፈው ወር «የአሁኑ ንባብ» ጋር አንድ ከሆነ ቢሎቹ ይከታተላሉ፤ የተዘለለ ወር የለም።

ድምሩን ሳይሆን የወሩን አውጡ

አሁን ወደ 819 ብሯ እንመለስ። ዝርዝሩ እንዲህ ነበር። ያለፈው ንባብ 4,318። የአሁኑ 4,486። ልዩነቱ 168 ኪሎዋት ሰዓት። የፍጆታ ሂሳብ 546 ብር። የአገልግሎት ክፍያ 42 ብር። ውዝፍ 231 ብር።

መጀመሪያ ውዝፉን አወጣነው። ውዝፍ ያለፈ ወር ዕዳ ነው፤ መከፈል ያለበት በዚያ ወር ቤቱ ውስጥ በነበሩ ሰዎች ነው። 231 ብሩ የህዳር ነበር። ህዳር ላይ እኔና ነርሷ ነበርን፤ ሦስተኛዋ አሁን መምህሯ ያለችበት ክፍል ውስጥ የነበረችው ልጅ ናት፤ ለቃ ወጥታለች። ስለዚህ ለሦስት ሲካፈል 77፣ 77፣ 77 ብር ነው። መምህሯ አንድ ሳንቲም የለባትም። ለወጣችው ልጅ ስክሪንሹቱን ላክሁላት፤ በማግስቱ 77 ብሯን ላከች። ዝርዝሩ ባይታያት ኖሮ ለማመን ትቸገር ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔም ብሆን እቸገራለሁ።

ሰው ሲገባም ሲወጣም በዚያው ቀን ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። የመብራትም የውሃም። ከዚያ ወዲህ ይህን ደንብ አድርገነዋል።

ውዝፉ ሲወጣ የታህሳስ መብራት 588 ብር ሆነ። ከዚህ ውስጥ 42 ብሩ የአገልግሎት ነው፤ አንድም እንጀራ ባይጋገር ይመጣል። እሱ እኩል 14፣ 14፣ 14 ብር። የቀረው 546 ለ168 ሲካፈል አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 3.25 ብር ይወጣል። ቢሉ ላይ ታክስ ካለ ከፍጆታው ጋር ደምሩትና አካፍሉት።

ይህን ዋጋ በየወሩ እንደ አዲስ አውጡት። ባለፈው ወር የወጣውን አትጠቀሙ። አንደኛ፣ የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ እንዲሄድ ተደርጓል። ሁለተኛ፣ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ብዙ ስትጠቀሙ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ከቢሉ ላይ አካፍላችሁ ካወጣችሁት ሁለቱም በውስጡ ስላሉ እርከኑን በቃል ማወቅ አያስፈልጋችሁም።

ምጣዱን ለብቻው ቁጠሩት

ነርሷ ያነሳችው ጥያቄ ይህ ነው። ቤት ውስጥ መብራት የሚበላው ማነው? አምፖል አይደለም። ስልክ ቻርጅ ማድረግም አይደለም። እንደኛ ባለ ቤት ውስጥ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ለአንድ ሊጥ ሁለት ሰዓት ገደማ ይጣዳል። አንድ 10 ዋት አምፖል ይህን ያህል ለመብላት ሳምንታት ሳይጠፋ ማብራት አለበት።

ግን በግምት አታካፍሉ፤ ለኩት። መለኪያው ግቢያችሁ ውስጥ አለ፤ ቆጣሪው ራሱ ነው። እኛ እንዲህ አደረግን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፍሪጁን ነቀልን፣ ሌላውንም ሁሉ አጠፋን። ቆጣሪውን ፎቶ አነሳሁ፤ 4,511.4 ይላል። የመጨረሻዋ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ በቀይ የምትጻፈው፣ አሥረኛዋን ክፍል ነው የምታሳየው። መምህሯ ምጣዱን ጣደች፤ አሰሰች፤ 25 እንጀራ አወጣች። ምጣዱ እንደተነቀለ ቆጣሪውን እንደገና አነሳሁት፤ 4,517.4። ስድስት ኪሎዋት ሰዓት። የፈጀው አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ነው።

ቆጣሪው ዲጂታል ከሆነና ስክሪኑ የሚለዋወጥ ከሆነ ኪሎዋት ሰዓት የሚለውን ገጽ ጠብቁ፤ ቮልቴጁን አንስታችሁ ሂሳብ እንዳትሠሩበት። ደግሞ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ምጣዱ ሳይጣድ ቆጣሪው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሌላ ቤት ከናንተ መስመር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ ለቤቱ ባለቤት ንገሩ እንጂ ገመዱን ራሳችሁ አትከታተሉ።

ከዚያ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ለጠፍን። የጋገረች ሰው በስሟ ሥር አንድ መስመር ታሰምራለች። ወረቀቱ ያልነበረበትን የታህሳሱን ግን አስታውሰን ቆጠርነው፤ እኔ 3 ጊዜ፣ መምህሯ 5 ጊዜ፣ ነርሷ 2 ጊዜ ጋግረናል። በድምሩ 10 ጋገራ ነው፤ በ6 ሲባዛ 60 ኪሎዋት ሰዓት። ከ168 ውስጥ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ምጣዱ ብቻ ነው ማለት ነው።

የኔ 18 ኪሎዋት ሰዓት በ3.25 ሲባዛ 58.50 ብር። የመምህሯ 30 ኪሎዋት ሰዓት 97.50 ብር። የነርሷ 12 ኪሎዋት ሰዓት 39 ብር። የተረፈው 108 ኪሎዋት ሰዓት የፍሪጁ፣ የወጥ ምድጃው፣ የካውያው፣ የአምፖሉ ነው፤ 351 ብር ይመጣል። እሱን እኩል 117፣ 117፣ 117 ተካፈልን። የአገልግሎቷ 14 ብር ሲጨመር እኔ 189.50፣ መምህሯ 228.50፣ ነርሷ 170 ብር ሆነብን። ሲደመር 588 ነው።

«ካውያውንስ ለምን አትለኩም?» የምትሉ አትጠፉም። እኛ ለክተን ነበር። ሂሳቡ ላይ ከሃያ ብር የበለጠ ለውጥ ስላላመጣ ተውነው። መቁጠር የሚገባው አንድ ሰው ብዙ የሚጠቀምበትና ሌላው የማይጠቀምበት ትልቅ ዕቃ ብቻ ነው። ለኛ ምጣዱ ነው። እናንተ ቤት ምናልባት የሻወር ማሞቂያ ይሆናል፤ ማርቆስ ብርድ ነው። ዕቃው ሌላ ቢሆንም አለካኩ አንድ ነው፤ ከመጠቀማችሁ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን ታነሳላችሁ።

ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ሊጥ ካቦኩና ከጋገሩ ለሁለቱም ግማሽ መስመር ነው። ጓደኛችሁ አንድ ቀን አምስት እንጀራ ብታበድራችሁ ግን አትጻፉት። የመምህሯ እናት ከብቸና ጤፍና ሽሮ ይልካሉ፤ ሁላችንም በልተናል። ያንን በብር ቀይረን ሂሳብ ውስጥ ብናስገባው እሳቸውን ማስቀየም ይሆንብናል። የቢል ሂሳብ የቢል ነው።

ውሃውን በሰው ቀን

የውሃ ቢል ምስሎቹ ያው ናቸው። የዝርዝሩ፣ የተከፈለበት፣ የቆጣሪው። ውሃ ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው፤ ቢሉ የሚሠራው በእነሱ ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ ሃምሳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ቀዮቹ ቁጥሮች ወይም ትንሿ ቀስት ከዚያ በታች ያለውን ያሳያሉ።

የታህሳስ ውሃችን 6 ሜትር ኩብ ነበር። ፍጆታው 120 ብር፣ የቆጣሪ ኪራይ 15 ብር፣ በድምሩ 135 ብር። ውሃ ላይ እንደ ምጣዱ አንድ ጎልቶ የሚታይ ዕቃ የለም። ሰው ሁሉ ይታጠባል፣ ልብስ ያጥባል፣ ይጠጣል። ስለዚህ ውሃን የምንካፈለው በሰው ቀን ነው፤ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ስንት ቀን አደረ?

እኔ 30 ቀን ነበርኩ። ነርሷ ለሥልጠና ባሕር ዳር 5 ቀን ስለሄደች 25። መምህሯ 30፤ ታናሽ እህቷ ደግሞ ለሕክምና መጥታ 15 ቀን እኛ ጋ ሰነበተች። የእንግዳ ቀን የሚጻፈው በጋባዡ ላይ ስለሆነ የመምህሯ 45 ሆነ። በድምሩ 100 የሰው ቀን ነው። 120 ብር ለ100 ሲካፈል ለአንድ ቀን 1.20 ብር። እኔ 36፣ መምህሯ 54፣ ነርሷ 30 ብር። የቆጣሪ ኪራዩ እኩል 5፣ 5፣ 5 ብር። ስለዚህ 41፣ 59 እና 35 ብር።

የእህቷን ቀን መቁጠር ለኔ ከባድ ነበር። የታመመች እንግዳ ላይ ውሃ ትቆጥራላችሁ እንዴ ይባላል ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ። ያነሳችው መምህሯ ራሷ ናት። «ካልቆጠራችሁልኝ ሌላ ጊዜ እህቴን ነይ ለማለት እፈራለሁ» አለች። ከዚያ ተስማማን። ሦስት ቀን ድረስ ያደረ እንግዳ አይቆጠርም። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ከቆየ ግን የመጀመሪያዎቹም ቀኖች ይቆጠራሉ።

መብራቱ ላይ ግን እህቷን ለብቻ አልቆጠርናትም። የምትበላው እንጀራ በመምህሯ ጋገራ ውስጥ አለ። ለሷ ብሎ የበራ አምፖል ቢኖር እንኳ 10 ዋት፣ በቀን 5 ሰዓት፣ ለ15 ቀን ቢባል 0.75 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሁለት ብር ከምናምን።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሮቶ ካላችሁ ቆጣሪው የሚቆጥረው ሮቶው ሲሞላ ነው እንጂ እናንተ ስትጠቀሙ አይደለም። ወሩ ሊያልቅ ሲል የሞላ ሮቶ ለሚቀጥለው ወርም ያገለግላል። ሰው ሊወጣ ወይም ሊገባ ከሆነ የሮቶውን ከፍታም አንድ ፎቶ ጨምሩ። ውሃ ጠፍቶ በጀሪካን የገዛችሁት ደግሞ ስክሪንሹት የለውም፤ በገዛችሁበት ሰዓት ግሩፑ ላይ «ውሃ፣ 4 ጀሪካን፣ ይሄን ያህል ብር» ብላችሁ ጻፉ። ማታ ላይ ይረሳል።

ቁጥሩ ሲያስደነግጥ

ውሃው በድንገት እጥፍ ከሆነ መጀመሪያ ሰው አትጠርጥሩ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቧንቧውን ሁሉ ዝጉ፤ የውሃ ቆጣሪውን ከነቀዩ ቁጥር አንሱ። ጠዋት ማንም ሳይነካው እንደገና አንሱት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ነው። ሮቶ ካላችሁ ወደ ሮቶው የሚገባውንም ዝጉ፤ አለዚያ ቆጣሪው ሮቶ እየሞላ ይቆጥርና ያሳስታችኋል። በፍሳሽ የሄደ ውሃ በሰው ቀን አይካፈልም። ሁለቱን ፎቶዎች ለቤቱ ባለቤት አሳዩ፤ እኛ ለአከራያችን ለእማማ አሳይተን በሁለተኛው ቀን ቧንቧ ሠራተኛ አስመጡልን። በመሃል የመጣውን ጭማሪ እኩል ተካፈልን።

መብራቱ ሲያስደነግጥ ደግሞ የቆጣሪው ፎቶ ይወጣል። ቢሉ «የአሁኑ ንባብ» ብሎ ከጻፈው በላይ ወይም በታች የሆነ ቁጥር በዚያው ቀን ቆጣሪው ላይ ካነበባችሁ ንባቡ በግምት ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ምናልባት አንባቢው በር ተዘግቶበት ይሆናል። ለምሳሌ ቢሉ 4,600 ይላል፤ የናንተ ፎቶ 4,640። በሚቀጥለው ወር ትክክለኛው ሲነበብ ያች 40 ኪሎዋት ሰዓት ትመጣለች፤ በመሃል አዲስ ሰው ከገባ ሳትጠቀም ትከፍላለች። ከፍ አድርጎ ገምቶ ከሆነ ደግሞ የሚወጣው ሰው ያልተጠቀመውን ይከፍላል። ስለዚህ ለአገልግሎት ሰጪው የተጻፈውን ክፈሉ፤ እርስ በርስ ግን በፎቷችሁ ንባብ ተሳሰቡ። ልዩነቱ ሲበዛ ፎቶውን ይዛችሁ ቢሮ ሂዱ።

ከባለቤቱ ጋር አንድ ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ ከዋናው በኋላ ለናንተ ቤት ብቻ የምትቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በኤሌክትሪሺያን እንዲገጠም ጠይቁ። ከዚያ የትንሿን ቆጣሪ ልዩነት በዋናው ቢል የኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አባዙት። ካልተቻለ በሰው ቁጥር መስማማት ነው፤ ግን የዋናውን ቢል ስክሪንሹት በየወሩ ማየት እንደምትፈልጉ ገና ስትገቡ ተናገሩ። ወር ካለፈ በኋላ ከጠየቃችሁ ባለቤቱን የጠረጠራችኋቸው ይመስላቸዋል።

ማን ለማን ይልካል

መጨረሻ ላይ ሁሉንም ደምሩት። የታህሳስ የኔ ድርሻ ኪራይ 2,700፣ መብራት 189.50፣ ውሃ 41፤ በድምሩ 2,930.50 ብር። የመምህሯ 3,500፣ 228.50 እና 59፤ በድምሩ 3,787.50 ብር። የነርሷ 2,800፣ 170 እና 35፤ በድምሩ 3,005 ብር። ሦስቱ ሲደመሩ 9,723 ብር ነው፤ ከ9,000፣ ከ588 እና ከ135 ድምር ጋር አንድ ነው። እነዚህ ሁለት ድምሮች ካልተገናኙ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል፤ ብር አትላላኩ።

ከዚያ እያንዳንዳችን ከኪሳችን ያወጣነውን ቀነስን። ለእማማ 9,000ውን የሰጠችው መምህሯ ናት። መብራቱን እኔ፣ ውሃውን ነርሷ ከፍለናል። እኔ ከ2,930.50 ላይ 588 ሲቀነስ 2,342.50 ይቀርብኛል። ነርሷ ከ3,005 ላይ 135 ሲቀነስ 2,870። ሁለታችንም ለመምህሯ እንልካለን። ለሷ የሚገባው 9,000 ሲቀነስ 3,787.50 ነው፤ 5,212.50 ብር። የሁለታችን ድምርም ይኸው ነው። ስድስት ጊዜ ከመላላክ ሁለት ጊዜ በቃ። የህዳሩ ውዝፍ ለብቻው ነው፤ ነርሷ 77 ብር ለኔ ላከች።

ግሩፑ ላይ ፒን የምናደርገው መልእክት ይህን ይመስላል።

ታህሳስ
መብራት፦ ንባብ 4,318 – 4,486፣ 168 ኪሎዋት ሰዓት፣ 588 ብር (ውዝፍ ሳይጨምር)
ጋገራ፦ 3 / 5 / 2
ውሃ፦ 6 ሜትር ኩብ፣ 135 ብር፣ የሰው ቀን 30 / 45 / 25
የሚላክ፦ እኔ 2,342.50፣ ነርሷ 2,870፣ ለመምህሯ
ቅሬታ ያለው እስከ ጥር 10 ይናገር

የመጨረሻዋን መስመር የጨመረቻት ነርሷ ናት። ጥር 8 ላይ ራሷ ጻፈች፦ «ታህሳስ 28 የጋገርኩትን ረስቼ አልተናገርኩም፣ ጨምሩብኝ።» ጋገራው 11 ሆነ፤ የሷም 3። እንደገና አሰላነው።